አንዲት ፕሬዚዳንት፣ 48 አጻጻፍ

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው የአገሪቱን የመጀመሪያ ሴት ፕሬዚዳንት ሰየሙ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ ሴትዮዋ በሥልጣን ላይ በቆዩባቸው ስድስት ዓመታት፣ የአገራችን ጋዜጦችና ድረ ገጾች ስማቸውን እንዴት እንደሚጽፉት ሳይስማሙ ቀሩ። እርስ በርስ አለመስማማታቸውስ ይሁን። አንዱ ጋዜጣ ከራሱ ጋር አለመስማማቱ ነው የገረመን!

እስቲ አብረን እንቁጠር። ማዕረጉ ፕሬዚዳንት፣ ፕሬዝዳንት፣ ፕሬዚደንት፣ ፕሬዝደንት ተብሎ ይጻፋል፤ አራት ሆነ። ስማቸው በእሳቱ «ሳ» ወይም በንጉሡ «ሣ» ይጀምራል፤ ሁለት። ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ሃሌታው «ህ»፣ ሐመሩ «ሕ» ወይም ብዙኃኑ «ኅ» ሊሆን ይችላል፤ ሦስት። ከዚያ «ሣህለወርቅ» ብሎ የሚያጋጥመው አለ፣ «ሣህለ ወርቅ» ብሎ የሚነጥለው አለ፤ ሁለት። አራት በሁለት በሦስት በሁለት ሲባዛ 48 ይመጣል። የአባታቸው ስም «ዘውዴ» ሞክሼ ፊደል የሌለበት ስለሆነ እግዜር ይስጣቸው እንጂ ጉዱ ከዚህም ይብስ ነበር። (ለካስ ጉዱ እየጠበቀን ነበር፤ ከእሳቸው ወንበሩን የተረከቡት ሰው የአባት ስም አጽቀሥላሴ ነው። አልፋው አ ወይስ ዓይኑ ዐ? ጸሎቱ ጽ ወይስ ፀሐዩ ፅ? እሳቱ ስ ወይስ ንጉሡ ሥ? ተነጥሎ ወይስ ተገጥሞ? ደፍራችሁ አባዙት።)

እንግዲህ ይህን ስናነሳ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሱብናል። የመጀመሪያዎቹ «ድምፁ አንድ ከሆነ ምን አገባችሁ? አንባቢው ገብቶታል አይደል?» የሚሉ ናቸው። በየዝግጅት ክፍሉ አብዛኞቹ አርታኢዎች እዚህ ጎራ ውስጥ ናቸው፤ ማምሻ ላይ ገጽ ለማስገባት የሚሯሯጥ ሰው ይህን ቢል ብዙም አንፈርድበትም። ሁለተኛዎቹ የግዕዝ ጠበቆች ናቸው። እነሱ ደግሞ የስሙን ሥር ቆፍረው «ሣህል ማለት ምሕረት ነው፤ በንጉሡ ሣ እና በሃሌታው ህ ይጻፋል፤ ሌላው ሁሉ ስህተት ነው» ይላሉ። ስለ ሥሩ ልክ ናቸው። ስለ ስሙ ግን ልክ አይደሉም፣ ለምን እንደሆነም እንመለስበታለን።

መጀመሪያ «ምን አገባችሁ» ላሉን እንመልስ። ከመካከላችን አንዷ ትሠራበት በነበረ ዝግጅት ክፍል የሆነ ነገር ነው። አንድ ነጋዴ በማጭበርበር ተከሰሰ። ስሙን ኃይሉ እንበለው። የክሱ ዜና በፊት ገጽ ወጣ፣ ድረ ገጹ ላይም ተጫነ፤ ዘጋቢው ከክስ መዝገቡ ላይ እንዳለ ገልብጦ በብዙኃኑ «ኃ» ነበር የጻፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሰውዬውን በነፃ አሰናበተው። ያኔ ዜናውን የሠራው ሌላ ዘጋቢ ነው፤ ችሎት ቁጭ ብሎ በጆሮው የሰማውን «ሀይሉ» ብሎ በሃሌታው ጻፈ፣ በውስጥ ገጽ በአጭሩ ወጣ፣ ድረ ገጹም ላይ ገባ። ሁለቱም ዜናዎች እውነት ነበሩ። ሁለቱም ዘጋቢዎች ሥራቸውን ሠርተዋል።

አንድ ቀን ግን ሰውዬው የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ቢሮ ድረስ መጣ። አብሮት ሊሠራ የነበረ ሰው ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለው አድርጎ ድረ ገጹ ላይ ሲፈልግ ያገኘው ክሱን ብቻ ነው። ስለ ነፃ መውጣቱ አንድ መስመር የለም። «ከሰሳችሁኝ፣ ሲለቁኝ ዝም አላችሁ» አለ። የሚያስተናግደው አርታኢ ኮምፒዩተሩ ላይ ኃይሉ ብሎ ፈለገ፤ እውነትም ክሱ ብቻ መጣ። «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ያኔ ሳንዘግበው ቀርተን ይሆናል» ብሎ ሊሸኘው ሲል ከጎን ያለችው አራሚ «እስቲ በሃሌታው ሞክረው» አለችው። ሞከረ። ነፃ የመውጣቱ ዜና እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያገኘው።

ይህ የሆነው ለምን እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው። ለእኛ ጆሮ «ሃ» እና «ኃ» አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ U+1200፣ ሃ U+1203፣ ሐ U+1210፣ ሓ U+1213፣ ኀ U+1280፣ ኃ U+1283 ነው። ስድስት ቁጥር፣ አንድ ድምፅ። Ctrl+F ተጭናችሁ «ኃይሉ» ብላችሁ ስትጽፉ ማሽኑ የሚያነጻጽረው ቁጥሩን ነው፤ «ሀይሉ» ለእሱ «አበበ» እንደማለት ያህል የተለየ ሰው ነው። አንዳንድ ትልልቅ የኢንተርኔት መፈለጊያዎች አልፎ አልፎ ሊገምቱላችሁ ይችላሉ። የጋዜጦቻችን የራሳቸው የመዝገብ መፈለጊያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገምትም። ካላመናችሁን ዛሬውኑ ሞክሩት፤ የምታነቡትን ጋዜጣ ድረ ገጽ ክፈቱና የአንድ ታዋቂ ሰው ስም በሁለት አጻጻፍ ፈልጉ። የሚመጡላችሁ ዜናዎች የተለያዩ ከሆኑ፣ ያ ጋዜጣ ስለዚያ ሰው ያለው ማኅደር ለሁለት ተሰንጥቋል ማለት ነው።

እና የሚሰነጠቀው የነጋዴው ስም ብቻ አይደለም። አንድ ባለሥልጣን ከአምስት ዓመት በፊት የገባውን ቃል ፈልጎ ለማውጣት የሚሞክር ወጣት ዘጋቢም ግማሹን ብቻ ያገኛል። ግማሹን አግኝቶ ሙሉውን ያገኘ ይመስለዋል። ድምፁ አንድ ነው ያላችሁን ሰዎች፣ ማኅደር በጆሮ አይፈለግም!

አሁን ወደ ግዕዝ ጠበቆቹ እንሂድ። ከእነሱ ጋር ጠባችን ሌላ ነው። «ሥራ»፣ «ሕግ»፣ «ዓመት» የሚባሉት ቃላት የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ አንድ ዝግጅት ክፍል ተሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራን በንጉሡ እንጽፋለን» ቢል መብቱ ነው፣ «በእሳቱ እንጽፋለን» ቢልም መብቱ ነው። እኛ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በንጉሡ ጽፈናል፤ ለምን ብትሉን ዓይናችን ስለለመደው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለንም። ከዚህ ከሁለቱ የትኛውም ይሁን፣ ዋናው ነገር ሰኞ የመረጡትን ሐሙስ አለመርሳት ነው። ስም ግን የባለቤቱ ነው። ሰውዬው በመታወቂያው፣ በዲፕሎማው፣ በፊርማው ላይ «ፀጋዬ» ብሎ በፀሐዩ ከጻፈ፣ ጸጋ በግዕዝ በጸሎቱ ጸ ነው የሚለው ዕውቀታችሁ ለስብከት እንጂ ለዜና አይሆንም። እናቱ ያወጣችለትን ስም አርታኢ ሊያርምለት አይችልም።

የሚገርመው ደግሞ ይህን ሕግ ሁሉም ዝግጅት ክፍል ያውቀዋል፤ ሥራ ላይ የሚያውለው ግን ለተመረጡ ሰዎች ነው። የሚኒስትር ስም ሲሆን ስልክ ይደወላል፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ይጠየቃል፣ ደብዳቤያቸው ላይ ያለው ማኅተም ሳይቀር ይታያል። የጉሊት ሻጯ ስም ሲሆን ግን ማን ይደውላል? ዘጋቢው እንደሰማው ይጽፋል፣ አርታኢው እንደተማረው ያርማል፣ አራሚው እንደደከመው ያልፋል። በሦስት እጅ አልፎ የሚወጣው ስም የሴትዮዋ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ዘጋቢው ቃለ መጠይቁን ሲጨርስ ማስታወሻ ደብተሩን ወደ ሰውዬው ያዞራል፤ «ስምዎን እባክዎ በእጅዎ ይጻፉልኝ» ይላል። በቃ። አስር ሰከንድ። በስልክ ከሆነ በፊደሉ ስም ይጠይቃል፤ ሃሌታው ነው ሐመሩ፣ እሳቱ ነው ንጉሡ? (ሰዎች ይስቁብናል ብላችሁ አትፍሩ፤ ደስ ነው የሚላቸው። ስማቸውን እንዴት እንደሚጽፉት ብዙዎቹ በሕይወታቸው ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም።) ያንን የያዘ አንድ የጋራ የስም ዝርዝር በዝግጅት ክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ስሙ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ማዕረጉ፣ ከማን እንደተረጋገጠና መቼ።

ማኅደሩን ለማዳን ደግሞ አንድ ሁለተኛ ነገር ያስፈልጋል። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ከእያንዳንዱ ዜና ጀርባ አንባቢ የማያየው ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይደረጋል፤ እዚያ ቅጂ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፣ እነ ሃ እና ኣም ወደ ግዕዛቸው ይመለሳሉ፣ የቃል ክፍተትም ይወጣል። አንባቢው የሚጽፈው ስምም ከመፈለጉ በፊት እንዲሁ ይለወጣል። ስለዚህ ኃይሉ ቢል፣ ሀይሉ ቢል፣ ሐይሉ ቢል ሁሉንም ያገኛል፤ ገጹ ላይ የሚታየው ግን ባለቤቱ የጻፈው ነው። እዚህ ላይ አንጃጃል። ይህ ዘዴ ሁሉን አይፈታም። መሐመድና ሙሐመድ የሚለያዩት በሞክሼ ፊደል ሳይሆን በመጀመሪያው ፊደል አናባቢ ነው፤ እሱን ማሽኑ አያስታርቀውም፣ ሰው መዝገብ ላይ ማያያዝ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ኃይሉዎችን አንድ ላይ ያመጣል። ለዚህ መድኃኒቱ የአያት ስም ነው፤ በተለይ በወንጀል ዜና ላይ የአያት ስም ሳይኖር ስም ማውጣት በጎረቤት ስም መቀለድ ነው።

ማዕረግ ላይ ስንደርስ ደማችን ይፈላል። ወንድ ሁሉ አቶ ነው። አገባ አላገባ፣ ፈታ አልፈታ፣ አቶ ነው። ሴት ግን ስሟ ጋዜጣ ላይ ከመውጣቱ በፊት የትዳር ሁኔታዋን ማስመዝገብ አለባት፤ ወይዘሮ ወይስ ወይዘሪት? ስለ ውኃ እጥረት ለመናገር የመጣች መሐንዲስ «ይቅርታ፣ አግብተሻል?» ትባላለች። ስለ ቧንቧ ነው እኮ የምናወራው! ያልጠየቃት ዘጋቢ ደግሞ ፊቷን አይቶ ይገምታል፤ ወፈር ካለች ወይዘሮ፣ ቀጠን ካለች ወይዘሪት። ድሮ ወይዘሮ የባላባት ዘር የሆነች ሴት መጠሪያ ነበር፤ ትርጉሙ አንዴ ከተለወጠ ዛሬም ሊለወጥ ይችላል። እኛ የምንለው ባለቤቷ ሌላ ካልመረጠች በቀር ለአዋቂ ሴት ሁሉ ወይዘሮ ይባል፣ ወይም ለሁሉም፣ ለአቶዎቹም ጭምር፣ ማዕረጉ ይቅር። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ግማሹን መጠየቅ ነው።

ከማዕረጉ ጋር ተያይዞ ግሱንም እዩት። በአንድ ዜና ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ዶክተር እገሌ «ገለጹ»፣ ዶክተር እገሊት «ገለጸች»። እድሜያቸው እኩል፣ ትምህርታቸው እኩል። ለእሱ እሳቸው፣ ለእሷ እሷ። አትሌትና ዘፋኝ ሲሆኑ አንተና አንቺ የሚባሉበት ወግ እንዳለ እናውቃለን፤ ፍቅር ነው ይባላል፣ ይሁን። ግን መመሪያ ካለ መመሪያው በሙያ እንጂ በጾታ አይለይ። አርታኢ አንድ ዜና ከማሳለፉ በፊት ግሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ቢያነብ ይህን በአንድ ደቂቃ ይይዘዋል።

የባዕድ ቃላት ላይ ብዙ አንቆይም፤ ቃሉ የዝግጅት ክፍሉ ነው፣ ይምረጥና ይጽና። ዴሞክራሲ ወይስ ዲሞክራሲ? መንግሥት ራሱ አልወሰነም፤ አንዱ ኢፌዲሪ ይላል፣ ሌላው ኢፌዴሪ። የባዕድ ስም ግን እንደገና የሰው ስም ነውና እዚያ ላይ አንድ በሽታ አለብን፤ ሁሉን በእንግሊዝኛ ዓይን እናነባለን። የቱርኩን ፕሬዚዳንት «ኤርዶጋን» እንላለን። በቱርክኛ ያቺ ፊደል «ግ» ተብላ አትነበብም፤ ወደ «ኤርዶዋን» የሚጠጋ ነው። እንግሊዞች የላቲን ፊደሉን ስለሚገለብጡ ድምፁን ቢስቱ አንባቢያቸው ቢያንስ ጽሑፉን ያገኛል፤ እኛ ግን የምንጽፈው በድምፅ ነው፣ ድምፁን ከሳትን ምንም አልቀረንም። የቻይናውን መሪ «ዢ» የሚሉትም እንደዚሁ፤ «ሺ» ነው።

ይህ በሽታ ከቤታችን ውስጥ ሲገባ ደግሞ አያስቅም። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ይጻፋል። በቁቤ C ማለት ጨ ነው፣ X ማለት ጠ ነው፣ Q ማለት ቀ ነው። የክልሉ ምክር ቤት Caffee ተብሎ ሲጻፍ ጨፌ ተብሎ ይነበባል። በእንግሊዝኛ ዓይን ያነበበው ሰው ምን ሊል እንደሚችል ልብ በሉ፤ ካፌ ኦሮሚያ! ጨፌን ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም አይሳሳትም። ግን በቁቤ የተጻፈ የሠላሳ ሰዎች የስም ዝርዝር በመግለጫ ሲደርሰውስ? Caalaa የሚባለው ልጅ «ካላ» ሆኖ ይወጣል፤ ስሙ ጫላ ነው። ይህን ለማስቀረት አንድ ገጽ የቁቤ መፍቻ ሠርቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል። DH የሚለውን ድምፅ በተመለከተ ደግሞ ፊደላችን ዸ የምትባል ፊደል አላት፤ ኪቦርዱም ላይ አለች። ጋዜጦች ግን «አንባቢ አያውቃትም» ብለው በደ ያልፏታል። አንባቢ ሳያያት ከየት ያውቃታል? እኛ ቢያንስ በሰው ስም ላይ ትግባ እንላለን።

የተለመደው መልስ «ጊዜ የለንም» ነው። ጊዜማ ያ ነጋዴ ግልባጩን ይዞ በመጣ ቀን ተበልቷል፤ ሦስት ሰው ግማሽ ቀን ሲፈልግ ውሏል። የሚጠነክረው ጥያቄ ሌላ ነው፣ አንዲት ጓደኛችን አንስታልናለች። ማስታወሻ ደብተሩን ስታዞሩላቸው «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንቺው እንደመጣልሽ ጻፊው» የሚሉ እናት ቢገጥሟችሁስ? መታወቂያቸው ላይ ያለውን የጻፈው የቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ የልጃቸው የትምህርት ማስረጃ ላይ ደግሞ መምህሩ። ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። እዚህ ላይ ባለቤቷ መርጣለች የሚል ነገር የለም። እኛ የምንለው መታወቂያቸው ላይ ያለው ይወሰድ፤ ሌላ ቢሮ ሄደው ጋዜጣውን ቢያሳዩ የሚመሳከርባቸው በእሱ ነውና። መታወቂያ በእጃቸው ከሌለ ዝግጅት ክፍሉ ለተራ ቃል የሚጠቀምበት አጻጻፍ ይወሰድ፣ ዝርዝሩ ላይም «በቃል የተነገረ» ተብሎ ይመዝገብ፤ ልጃቸው ነገ ደውሎ «እማዬ በሐመሩ ነች» ሲል ከድሮው ዜና ጀምሮ ሁሉም ይስተካከላል።